«እርምጃ ይወሰድበታል» ማለት ምን ማለት ነው? ልጆች የሚገባቸው የትምህርት ቤት ደንብ ለመጻፍ

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተምረው በሐይቅና በወልድያ መካከል ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ትምህርት ቤታችን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምራል። ዘንድሮ የተማሪዎችን የሥነ ምግባር ደንብ እንደገና የሚጽፍ ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔም ገባሁበት። የድሮው ደንብ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አንብቦት የገባው ልጅ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ስለዚህ አንድ ነገር ሞከርኩ። ስለ ማርፈድ የሚናገረውን አንቀጽ ብቻ ገልብጬ ለስድስት የ6ኛ ክፍል ልጆች ሰጠኋቸው። አንቀጹ ይሄ ነው፦

«ማንኛውም ተማሪ ያለ በቂ ምክንያት በተደጋጋሚ አርፍዶ ሲገኝ እንደ ጥፋቱ ክብደት ተገቢው አስተዳደራዊ እርምጃ ይወሰድበታል። ቅሬታ ያለው ተማሪ ለሚመለከተው አካል በተዋረድ ማቅረብ ይችላል።»

አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ተቀበልኳቸውና ያነበቡትን በራሳቸው አፍ እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። አንዱ ልጅ «እርምጃ ይወሰድበታል» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይገደላል ማለት ነው አለኝ። በ2014 ጦርነት ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበር። ቃሉን የሰማው በዜና ነው፤ ዜናው ላይ ደግሞ ትርጉሙ ያው ነው። አንዷ ልጅ «በተዋረድ» የሚለውን ተዋርዶ መለመን ነው ብላ ተረዳችው። ሌላው «የሚመለከተው አካል» የበሩ ጥበቃ ናቸው አለ። ማን እንዳረፈደ ቆመው የሚመለከቱት እሳቸው ናቸውና። ስንት ቀን ሲያረፍዱ ምን እንደሚደርስባቸው ግን ከስድስቱ አንድም የነገረኝ የለም።

ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። በሚያውቁት አማርኛ በትክክል ነው ያነበቡት። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ደንቡን፣ ቅጣቱንና ይግባኙን እንዲህ ያለ ልጅ በሚገባው ቋንቋ ጽፎ ያየ አለ? ከየት ይጀመራል?

(ክሩ ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለገባችሁ መልሶቹን በተራቸው በራሴ ቃል አስቀምጬላችኋለሁ።)

1ኛ መልስ። ከደሴ አንዲት የሥነ ዜጋ መምህርት ቀድማ ገባች። የእነሱ ደንብ 14 ገጽ መሆኑን ነገረችን። ተማሪዎቹ በምዝገባ ቀን የመጨረሻው ገጽ ላይ ይፈርማሉ፤ የቀረውን 13 ገጽ የሚያገላብጥ የለም። ከልጆቹ ጋር ያደረግኩትን ሙከራ እሷም ሰኞ በክፍሏ እንደምታደርገው ጽፋ፣ አዲሱ ረቂቅ ሲያልቅ እንዳካፍላት ለመነችኝ።

2ኛ መልስ። ከወረኢሉ በኩል ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። በአክብሮት ነው የጀመሩት። ደንብ ከተራ ወሬ የሚለየው በቋንቋው ክብደት ነው ብለው ያምናሉ። እንደ ጨዋታ ከተጻፈ ልጆች እንደ ገበያ ዕቃ ይከራከሩበታል የሚል ስጋት አላቸው። ከዚያ ግን እኔ ያላሰብኩትን ነገር አነሱ። «ተገቢው እርምጃ» የሚለው ሐረግ ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ ነው። ወላጅ የሌለው ልጅ ሲያጠፋ፣ ከብት ሲጠብቅ ያመሸ ልጅ ሲያረፍድ፣ ርዕሰ መምህሩ አይቶ እንዲያልፈው በር ይከፍታል። ቁጥር ከጻፍን ቁጥሩ ምሕረት አያውቅም ባይ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ሐሳብ ሌሊቱን አብሮኝ አደረ።

3ኛ መልስ። ከኮምቦልቻ አንዲት ሱፐርቫይዘር ናት። ቀድሞ አማርኛ አስተምራለች። በዚህ ክር ውስጥ ብዙ የተማርኩት ከእሷ ነው። ለጡረተኛው ርዕሰ መምህር ስትመልስ፣ ክፍት የተተወ ሐረግ ለአንዱ ልጅ የምሕረት በር እንደሚሆን አመነች። ለሌላው ግን በዚያው በር የሚገባው የመምህሩ የዕለቱ ንዴት ነው። ምሕረት ከተፈለገ ራሱ ይጻፍ፤ ማን ሊምር እንደሚችልና በምን ምክንያት ልጁ ይወቀው ነው ሐሳቧ።

ከዚያ ወደ ቋንቋው ገባች። የደንቦቻችን ዋና ችግር ከባድ ቃል አይደለም ባይ ናት። ችግሩ ግሱ ነው። ይወሰድበታል፣ ይቀርባል፣ ይታያል፣ ይወሰናል። ማን ይወስዳል? ማን ያያል? እንዲህ ያለ ግስ ባለቤቱን ይደብቃል። እሷ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ጥያቄ ትፈትነዋለች፦ ማን? ስንት? እስከ መቼ? ከሦስቱ አንዱን የማይመልስ ዓረፍተ ነገር ልጁን አያስጠነቅቀውም፤ የሚሰጠው ፍርሃት ብቻ ነው።

ቀጥላ ያነሳችው ጉዳይ እኛን የአማርኛ ጸሐፊዎችን የሚያስቸግር ነው። ልጁን በቀጥታ ለማናገር ስንሞክር «ታረፍዳለህ» ስንል ሴቷ ትወጣለች፤ «ታረፍጃለሽ» ስንል ወንዱ ይወጣል። «እናንተ» ካልን ደግሞ ቅጣቱ የጅምላ ይመስላል። አንድ ልጅ ሲያጠፋ ክፍሉ በሙሉ የሚንበረከክበትን ልማድ እናውቀዋለንና ልጆቹ እንደዚያው ያነቡታል። የእሷ መፍትሔ «እኔ» ነው። እደርሳለሁ፣ አረፍዳለሁ፣ እጠየቃለሁ ስንል ግሱ ወንድና ሴት አይለይም። ወንዱም ሴቷም ሲያነቡት የራሳቸው ይሆናል።

4ኛ መልስ። ከመርሳ አንድ አባት ጥያቄውን በሌላ አቅጣጫ ተረዱት። ልጃቸው የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። የወር ክፍያ ስላልተሟላ የሪፖርት ካርዱ ተይዞበታል። ይግባኝ የሚለውን ቃል ሲያዩ የሚረዳቸው ሰው ያገኙ መስሏቸው ነው የገቡት። ጉዳያቸው ከደንባችን ጋር ባይገናኝም ያለ መልስ ማለፍ አልፈለግኩም። የትምህርት ቤቱን ውሳኔ በጽሑፍ ተቀብለው ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲሄዱ ነገርኳቸው። አብሽር ያሏቸውም ነበሩ።

5ኛ መልስ። ሕግ የተመረቀ ወጣት ነው፤ ከየት እንደሆነ አልጻፈም። በመጀመሪያ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አስታወሰን። ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በቤታቸው ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ሲል ጻፈ። ቀጥሎ ሁለት ሰነድ ይኑር አለ። አንዱ በሕግ ቋንቋ የተጻፈ ዋና ደንብ፣ ሌላው ለልጆቹ የሚለጠፍ ቀለል ያለ ማብራሪያ። ወረዳው ዘንድ የሚቀርበው ዋናው ይሆናል።

6ኛ መልስ። ሱፐርቫይዘሯ ተመለሰች። አንቀጹን በተመለከተ ወጣቱ ግማሹን ብቻ ነው ያገኘው። አንቀጽ 36 ከአካል ቅጣትና ኢሰብዓዊ ከሆነ አያያዝ ነጻ የመሆን መብትን ሲደነግግ የሚጠቅሰው ትምህርት ቤቶችንና ሕፃናትን የማሳደግ ኃላፊነት ያለባቸውን ተቋማት ነው፤ ቤት የሚል ቃል የለውም። ለእኛ ለትምህርት ቤቶች ግን ማምለጫ አይተውም።

ሁለት ሰነድ ይኑር የሚለውን አጥብቃ ተቃወመች። ምክንያቷ ከሥራዋ የመጣ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ልጁ በ5 ቀን ውስጥ ቅሬታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ቢሮ ያለው ዋና ደንብ ግን 3 ቀን ይላል። ልጁ በአራተኛው ቀን መጣና ጊዜው አልፏል ተባለ። ያነበበው የተነገረውን ነበር። ስለዚህ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተይዞ የሚጸድቀው ልጁ የሚያነበው ወረቀት ራሱ ይሁን። ወረዳውም የሚያየው እሱኑ ይሁን። ወጣቱ ስለ አንቀጹ አመስግኗት፣ በሁለቱ ሰነድ ላይ ግን በሐሳቡ እንደጸና ወጣ።

7ኛ መልስ። እዚህ ላይ የክሩ አየር ተቀየረ። 22 ዓመት ያስተማሩ የሒሳብ መምህር ናቸው። በቁጣ ነው የጻፉት። አንድ ክፍል ውስጥ ከ70 በላይ ልጅ ይዘው፣ ጠመኔ እየለመኑ፣ ለእያንዳንዱ አርፋጅ ስንት፣ ማን፣ እስከ መቼ የሚባል ነገር ሊሞሉ እንደማይችሉ ገለጹ። ቢሮ ተቀምጦ ስለ ግስ ማውራት ይቀላል ብለው ሱፐርቫይዘሯን ነካ አደረጓት። ልጅን የሚያስተካክለው ልምጭ ነው፤ እኛም ያደግነው በዚያ ነው የሚል ነበር መደምደሚያቸው።

8ኛ መልስ። ከወልድያ አንዲት እናት ወዲያው መለሰችላቸው። መልሷ ለስላሳ አልነበረም። የ4ኛ ክፍል ልጇ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ጉልበቱ ቆስሎ የመጣበትን ቀን ጻፈች። ልጁ ለሳምንታት ሐሙስ ሐሙስ ሆዴን አመመኝ ይል ነበር። ኋላ ስትመረምር ሐሙስ የዚያ መምህር ክፍለ ጊዜ ሆኖ ተገኘ። በልምጭ አድገናል ለሚሉ ሁሉ፣ ያላደጉትን ማን ቆጠራቸው ብላ ጠየቀች። ትምህርት ጥለው የወጡትን ማለቷ ነው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ክፉ ቃል ተለዋወጡ። እሱን እዚህ መድገም አልፈልግም።

9ኛ መልስ የራሴ ነው። ክርክሩ ከመሬት እንዳይርቅ ብዬ አምና በእኛው ግቢ ያየሁትን ነገርኳቸው። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርደው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቦኖ ውኃ የምትቀዳው እሷ ናት። ሰልፉ ረዝሞባት ሁለት ጠዋት አረፈደች፤ ይሄን አልካደችም። ሦስተኛው ግን አርብ ከሰዓት ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ አርፍደሻል ተብላ ከበሩ ተመለሰች። 3 ቀን እንዳትገባ፣ ስትመለስም ወላጅ ይዛ እንድትመጣ ተነገራት። በቃል ነው የተነገራት፤ ወረቀት አልተሰጣትም።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ከ20 የሚታሰብ የሳይንስ ፈተና አለፋት። በአራተኛው ቀን እናቷ መጡ፤ ተቆጥተው ነው የመጡት፣ በልጃቸው ላይ። ልጅቷ ቆይታ ቀስ ብላ አንድ ነገር ነገረችኝ። አርብ አላረፈድኩም አለች። የጥበቃውን ደብተር አስመጥቼ አየሁት። የተጻፈባት ሰዓት 7፡20 ነው። አርብ ለጁምዓ ሲባል ከሰዓት ትምህርት የሚጀምረው 7፡30 ነው። የዚያን ቀን በሩ ላይ የነበሩት ተተኪ ጥበቃ ይሄን ስላላወቁ በሌላው ቀን ሰዓት ቆጥረው ከ7፡00 በኋላ የመጣውን ሁሉ መዝግበዋል።

ልጅቷ ልክ ነበረች። ግን ለማን ትናገር? ቅሬታ የሚሰማው የቀጣት ሰው ራሱ ነው። ደግሞ እውነቱ ሲታወቅ ቅጣቱ አልቋል፤ ፈተናውም አልፏል። በተዋረድ ማቅረብ ይቻላል የሚለው አንቀጽ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ለእሷ ግን አልሠራላትም።

10ኛ መልስ። የሒሳብ መምህሩ ተመለሱ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ግን ታሪኩን በጥንቃቄ አንብበውታል። የጥበቃ ደብተር የሚሉትን ነገር ከእኔ በላይ ያውቁታል። የጥበቃው ሰዓት፣ የደወሉ ሰዓትና የርዕሰ መምህሩ ሞባይል ሰዓት ሦስት የተለያዩ ናቸው ሲሉ ጻፉ። ስለዚህ ደንቡ የሚቆጥረው ደወሉን ይሁን፤ ልጁ የሚሰማው እሱን ነው። ደብተሩ ላይ ደግሞ የልጁ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት ይጻፍና ልጁ ወዲያው አይቶ ይፈርም። ስህተት ካለ የዚያኑ ቀን ይታያል። ሦስት ቀን ሲሞላ አይደለም የሚታየው። መምህሩም ምንም አይሞላም፤ ደብተሩ ይመጣለታል።

በሩ ላይ መመለስ የሚባለውንም ተቃወሙት። የተመለሰ ልጅ ቤቱ አይሄድም፤ ፑል ቤት ነው የሚሄደው ባይ ናቸው። አርፋጅን ማስገባት፣ ከዚያ መጠየቅ። ስለ ልምጩ ግን አንድም ቃል አላነሱም። የወልድያዋ እናት ዝምታቸውን አስተውላ ጠየቀቻቸው፤ አልመለሱላትም።

11ኛ መልስ። ከሐብሩ አንድ አዛውንት ናቸው። የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው መሆኑን ተናግረው ጀመሩ። ወሎ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የሰው ድኻ አይደለም፤ አበጋሮች አሉን አሉ። ደም የተቃባን የሚያስታርቅ ሽማግሌ የልጅና የመምህርን ጠብ አይቸገርበትም። ይግባኝ የሚባለውን የፍርድ ቤት ቃል ትተን ሽማግሌ ይሰየም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያከብረዋል። ብዙ ሰው ይሄን ወደደው። እኔም በመጀመሪያ ልቤ ሄደ።

12ኛ መልስ። ሱፐርቫይዘሯ በታላቅ አክብሮት፣ አባቴ እያለች፣ ልዩነት አስቀመጠች። ሽምግልና የተጣላን ያስታርቃል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይተዋሉ፣ ይቅር ይባባላሉ፣ ይመራረቃሉ። የውኃ ቀጂዋ ልጅ ግን ከማንም አልተጣላችም። እሷ የምትፈልገው አንድ ሰው ደብተሩን ከፍቶ 7፡20 ከ7፡30 እንደሚቀድም እንዲያይላት ነው። ሽማግሌ ፊት ብትቀርብ ይቅርታ ጠይቂ ትባላለች። ይቅርታ የምትጠይቅበት ጥፋት ደግሞ የለም። ተማሪ ከተማሪ ሲደባደብ ግን ሽማግሌው ይቅደም አለች፤ እዚያ ላይ ከአዛውንቱ ጋር ተስማሙ። መምህር ልጅን ሲሰድብስ? ይሄኛው የትኛው ነው? እዚህ ላይ ሁለቱም የተለያየ ነገር ጻፉ፤ እኔም እስካሁን አልለየልኝም።

13ኛ መልስ። ከከሚሴ አንድ መምህር ሌላ ጉዳይ ይዞ መጣ። እነሱ ጋር ትምህርቱ በኦሮምኛ ነው። ደንቡ ግን ከአማርኛ በጥድፊያ የተተረጎመ ነው። ሁለቱን ቋንቋ በሚናገሩ ልጆች መካከል ችግር የሚፈጥር ቃል አገኘ። በኦሮምኛ ሴራ ማለት ሕግ ነው። አማርኛ ብቻ የሚችል ልጅ የትምህርት ቤቱ ሴራ ሲባል የሚሰማው ሌላ ነው። ስለዚህ እነሱ ዘንድ ትርጉሙ ብቻ አይበቃም፤ በሁለቱም ቋንቋ ለልጆች ተነቦ በቃላቸው መመለስ አለበት። ሱፐርቫይዘሯ ይሄን በደስታ ተቀበለችው።

ከ14ኛ እስከ 17ኛ ያሉት መልሶች ከጉዳዩ ወጡ። የቦኖ ሰልፍ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ በየከተማው ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ነበር ወሬው። አንዱ የድሮውን የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ደወል ከአሁኑ የኤሌክትሪክ ደወል ጋር አወዳደረ፤ መብራት ሲጠፋ የቱ እንደሚሻል ግልጽ ነው። አንዲት መምህርት የገበያ ቀን የሚቀሩ ልጆችን አነሳች። የባቲ ሰኞ ገበያ ያለበት አካባቢ ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ግማሽ ነው ስትል ጻፈች። ይሄ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ሌላ ክር እንድትከፍት ጠየቅኳት።

18ኛ መልስ። በክሩ ውስጥ የጻፈ ብቸኛው ተማሪ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ልጅ። ሁላችንንም ጸጥ አሰኘን። በመጀመሪያ በ3ኛው መልስ ላይ ጥያቄ አነሳ። «እኔ» ብሎ የሚጽፈው ማን ነው? ልጁ አልጻፈውም። ሌላ ሰው ጽፎ በእሱ አፍ ካስገባው ደንብ መሆኑ ቀርቶ ቃል መግቢያ ይሆናል። ኋላ ሲያጠፋ ቃልህን አጠፍክ ተብሎ ሁለት ጊዜ ይወቀሳል። «እኔ» የሚለው የሚሠራው ልጆቹ ሲጻፍ አብረው ከተቀመጡ ብቻ እንደሆነ ያምናል።

ሁለተኛው ነጥቡ የባሰ ነበር። ይግባኝ የሚል ተማሪ ነገ በዚያው መምህር ፈተና ይፈተናል። ከ100 ውስጥ መምህሩ በእጁ የሚይዘው ብዙ ነው። ደንቡ ላይ የፈለግነውን ያህል ቆንጆ አማርኛ ብንጽፍ ይሄን ፍርሃት የሚያነሳ ዓረፍተ ነገር አልታየውም። ከተማሪዎች ፓርላማ አንድ ልጅ ጉዳዩን በሚሰሙት መካከል ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ ከዚህ በፊት ተነስቶ ነበር። እሱ ግን ያም ልጅ በዚያው መምህር እንደሚፈተን አስታወሰን።

19ኛ መልስ። ሱፐርቫይዘሯ በ«እኔ» ላይ ተሸነፈች፤ ልጆች ባሉበት ካልተጻፈ ይቅር አለች። በውጤት ፍርሃቱ ላይ ግን የያዘችው መልስ ከፊል ነው። ይግባኝ ያለ ተማሪ የፈተና ወረቀት፣ ልጁ ከጠየቀ፣ ያንኑ ትምህርት በሚያስተምር ሌላ መምህር በድጋሚ ይታረም ብላ ሐሳብ አቀረበች። የሒሳብ መምህሩ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአንድ የትምህርት ዓይነት አንድ መምህር ብቻ ያለበት ብዙ ቦታ እንዳለ ጠቀሱ። ልክ ናቸው። የእኛም ትምህርት ቤት እንደዚያው ነው።

20ኛ መልስ፣ እንደገና የእኔ። ሁለት ሳምንት አልፎ ነው የጻፍኩት። ያንን አንቀጽ ከስድስቱ ልጆች ጋር ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው። ጥበቃውም አንድ ከሰዓት አብረውን ነበሩ። የመጀመሪያው ክፍል እንዲህ ሆነ፦

«ጠዋት ደወል ከመደወሉ በፊት እደርሳለሁ። አርብ ከሰዓት የምገባው እስከ 7፡30 ነው። ካረፈድኩ ጥበቃው ያስገቡኛል፤ ስሜንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ እኔም አይቼ እፈርማለሁ። በአንድ ወር ውስጥ 3 ቀን ካረፈድኩ የክፍሌ ኃላፊ መምህር ምክንያቴን ለብቻዬ ይጠይቁኛል። 5 ቀን ካረፈድኩ ወላጄን ይጠራሉ። ቤት ውስጥ ችግር ካለብኝ መምህሩ የምገባበትን ሰዓት ሊቀይሩልኝ ይችላሉ። በማርፈዴ ምክንያት ማንም አይመታኝም፣ ከትምህርትም አያስቀረኝም።»

«ቤት ውስጥ ችግር ካለብኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የወረኢሉው ርዕሰ መምህር ነው። ምሕረታቸው ባለቤት አግኝቶ ገባ።

ይግባኝ የሚለውን ቃል አላወጣነውም። ልጆቹ ቃሉን ሊያውቁት ይገባል ብለን፣ ትርጉሙን ግን አጠገቡ አስቀመጥን፦

«የተቀጣሁት ልክ አይደለም ካልኩ ይግባኝ እላለሁ። ይግባኝ ማለት ሌላ ሰው ነገሩን እንደገና እንዲያይልኝ መጠየቅ ነው። ቅጣቴን በጽሑፍ ከተቀበልኩ ጀምሮ 5 የትምህርት ቀን አለኝ። በቃሌ መናገር እችላለሁ፤ መምህር ይጽፉልኛል። ወላጄ ወይም ጓደኛዬ አብሮኝ ሊገባ ይችላል። የቀጣኝ ሰው ጉዳዬን አይሰማም። ሦስት ሰዎች ይሰሙኛል፤ አንዱ ወላጅ ነው። በ5 ቀን ውስጥ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይመልሱልኛል። እስከዚያ ድረስ ቅጣቱ አይጀምርም። ሰው የሚጎዳ ነገር ካደረግኩ ግን ወዲያው ቤት ልላክ እችላለሁ፤ ያኔ በሚቀጥለው ቀን ይሰሙኛል።»

ከዚያ ረቂቁን ከዚህ በፊት ላላዩት ስድስት ሌሎች ልጆች ሰጠሁ። አንድ ታሪክ ነገርኳቸውና ምን እንደሚደርስባት ጠየቅኩ፦ አንዲት ልጅ መስከረም ላይ 2 ቀን፣ ጥቅምት ላይ 3 ቀን አረፈደች። አራቱ በትክክል መለሱ፤ መምህሯ ይጠይቋታል፣ ወላጅ አይጠራም። ሁለቱ ግን ደምረው 5 አሉና ወላጅ ይጠራል አሉ። ጥፋቱ የእኛ ነው። «ወር ሲቀየር ቁጥሩ ከ1 ይጀምራል» የሚል ጨመርን። ለሦስተኛ ጊዜ ከሌሎች ልጆች ጋር ስሞክረው ስድስቱም አንድ ዓይነት መለሱ።

21ኛ መልስ። የሒሳብ መምህሩ ናቸው። ረቂቁን ወደ ትምህርት ቤታቸው ሊወስዱት ፈቃድ ጠየቁ። «ማንም አይመታኝም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን መምህራኑ ሳይጣሉበት እንደማያልፍ አስጠነቀቁኝ። እሳቸው ራሳቸው ምን ብለው ድምፅ እንደሚሰጡ አልጻፉም።

22ኛ መልስ። የ11ኛ ክፍሉ ልጅ ነው። አንድ መስመር ብቻ ጻፈ። የውጤቱን ፍርሃት ምን አደረጋችሁት ብሎ ጠየቀ።

ምንም አላደረግነውም። ይግባኝ ያለ ልጅ ላይ ማንም አይበቀልም የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር። ልጆቹ ሲያነቡት ማን እንደሚያስጥላቸው ጠየቁኝ። መልስ ስላልነበረኝ አወጣሁት። የኅብረቱ ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት 3፡00 ሰዓት ላይ ነው። ቦታውን ባዶ ትቼ ነው ወረቀቱን ይዤ የምገባው። እስከዚያ ሐሳብ ያላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።